የኤድቫኒያ እግር

ኤድቫኒያ አውቶቡስ ትነዳ ነበር። እኔ ደግሞ ከኋላዋ ባለችው ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ። ከቫርዚያ ሠፈር ተነስተን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ የብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ መሀል ገብተን እንመለሳለን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺን መንገድ አብረን ስንመላለስ ከባሏ ይልቅ እኔ ነበርኩ የማውቃት። ባሏማ በአምስተኛው ዓመት ጥሏት ሄደ፤ እኔ የት እሄዳለሁ? ስሜ ጆዚኔይዴ ነው፤ እሷ ግን ኔይዴ ትለኛለች፤ ስትናደድ ደግሞ "አንቺ ምላሳም!"።

ለኤድቫኒያ መንዳት እንጀራ ብቻ አልነበረም። አንዳንድ ሰው በድምፁ ይኮራል፤ አንዳንዱ በመልኩ። እሷ የምትኮራው በእግሯ ነው፤ በፍሬን አረጋገጧ። አርባ ሰው ቆሞበት አውቶቡሱ ሲቆም አንዲት አሮጊት እንኳ አትወዛወዝም ነበር። "እንቁላል የጫንኩ ይመስል ነው የምቆመው" ትል ነበር፤ እውነቷን ነው።

ችግሩ ክብደቷ ነበር። መቶ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ደርሳ መሪው ሆዷን እየነካ መጠምዘዝ አቅቷት ነበር። በዚያ ላይ ስኳር በሽታ አለባት፣ ጉልበቷ ያማታል፣ እንቅልፍ ላይ እያንኮራፋች ትታነቃለች። የድርጅቱ ሐኪም "በሚቀጥለው የጤና ምርመራ በዚህ ሁኔታ አላሳልፍሽም" ሲላት ቁርጧን አወቀች። የጨጓራ ቀዶ ሕክምናውን በመንግሥት ሆስፒታል ለማድረግ ተመዘገበች፤ ወረፋው የማያልቅ ወረፋ ነው። ተራዋ ሲደርስ ሆስፒታሉ አንድ ነገር ጠየቃት፤ አብሮሽ የሚበላ ሰው ይዘሽ ነይ አሉ። ከማን ጋር ትበላለች? ከእኔ ጋር ነዋ።

እንደዚህ ነው ወደ ራኢሳ ክፍል የገባሁት። ራኢሳ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋን የምትቆጥብ ሴት። መጀመሪያ ሳያት "ይቺ ደግሞ ስለ ረሃብ ምን ታውቃለች?" ብዬ በኤድቫኒያ ጆሮ ሹክ አልኩ። ሰምታኝ ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

"ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላሽውን ንገሪኝ" አለቻት።

"ጠዋት የበቆሎ ኩስኩስ በእንቁላል። ምሳ ሩዝና ባቄላ፣ ትንሽዬ ሥጋ። ማታ ሾርባ ብቻ።"

"ኧረ እግዚአብሔርን ፍሪ!" አልኩ እኔ። "ድልድዩ ጋ አውቶቡስ አቁመሽ የገዛሽው ሁለት የተጠበሰ ፓስቴልና አንድ ብርጭቆ የሸንኮራ ጭማቂስ? እሱን ማን በላው? እኔ?"

"አንቺ ምላሳም!"

ራኢሳ ያን ጊዜ ሳቀች። "ለዚህ ነው አብሮ የሚበላ ሰው የምንጠራው" አለች።

ከዚያ በኋላ ገና ለቢላዋ ሳትደርስ ብዙ ነገር ተመረመረች። ተመዘነች፤ ቁመቷና ወገቧ ተለካ፤ የእጇን ጉልበት ለማየት አንድ መያዣ እንድትጨምቅ ተደረገ። ደሟም ተቀዳ፤ ለብረት፣ ለቢ-12፣ ለፎሊክ አሲድ፣ ለቫይታሚን ዲ፣ ለካልሲየም፣ ሌላም ሌላም። እኔ የመሰለኝ ወፍራም ሰው ሁሉ ነገር የተረፈው ነው። ውጤቱ ሲመጣ ግን ኤድቫኒያ የጎደላት ከሞላላት ይበልጥ ነበር። ብረቷ ዝቅ ብሏል። ፀሐይ በማይጠፋበት ከተማ እየኖረች ቫይታሚን ዲ የላትም። ቢ-12 ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር።

"ለስኳር የምትውጪው ሜትፎርሚን ነው" አለች ራኢሳ። "ለዓመታት ሲወሰድ ቢ-12 ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። አሁን ደግሞ በዚህ ቀዶ ሕክምና ምግቡ ጨጓራሽን አብዛኛውን ዘሎ ነው የሚያልፈው። ቢ-12ን ከምግብ አላቅቆ አንጀት እንዲቀበለው የሚያደርገው ያ የሚዘለለው ክፍል ነው። ስለዚህ ጎድሎሽ ቢላዋ ሥር አትገቢም፤ መጀመሪያ እንሞላለን። ከዚያ በኋላም በየወሩ መርፌ ትወጊያለሽ።"

"እስከ መቼ?"

"እስከምትሞቺ።"

ኤድቫኒያ ከት ብላ ሳቀች። ራኢሳ አልሳቀችም።

ያቺ ሴት ሁሉንም ነገር ሳትሰለች ነበር የምታስረዳው። ዋናው መልቲቫይታሚን በየቀኑ። ካልሲየሙ ተከፋፍሎ፣ ከብረቱ ሁለት ሰዓት ተራርቆ፤ አብረው ከተዋጡ አንዱ ሌላውን ያባርረዋል። ፕሮቲን ከሁሉ በፊት። የደም ምርመራው ደግሞ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ ዕድሜ ልክ። "ምንም ባይሰማሽም ትመጫለሽ" አለች። "ነርቭ ሲጎዳ መጀመሪያ ዝም ይላል። ተናግሮ ስትሰሚው ዘግይቷል።" ኤድቫኒያ እሺ፣ እሺ፣ እሺ አለች። እሺ ማለት ለእሷ ምን ቸግሯት።

ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለፈ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በማንኪያ እየቀመሰች፣ አንዳንዴ እየተነጫነጨች፣ አንዳንዴ ለሩዝ እያለቀሰች ገፋቻቸው። ወደ ሥራ ስትመለስ መሪውና ሆዷ መሀል እጄን የምሰድበት ክፍተት ነበር። ስኳሯ ወረደና ሜትፎርሚኑን አስቆሟት። ተሳፋሪው ሁሉ ተንጫጫ። ገበያ የምትወርድ አንዲት ዓሣ ሻጭ "አንቺ፣ የድሮዋን ሹፌር የት ደበቅሻት?" ስትላት ኤድቫኒያ በመስታወቱ እያየቻት "በላኋት!" አለች። ያ ዓመት ደስ የሚል ዓመት ነበር፤ አልዋሽም።

በአራተኛው ወር ላይ ጸጉሯ መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት የሹፌሩ ወንበር መደገፊያ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ አገኘዋለሁ። ኤድቫኒያ ክብደቷን ይዛ እንኳ በጸጉሯ የምትኮራ ሴት ነበረች፤ ማበጠሪያውን ስታየው ዕንባዋ ይመጣል። ራኢሳ ነግራት ነበር። "ከፍተኛ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ጸጉር ይረግፋል። ብረትሽንና ዚንክሽን አይቻለሁ፤ ደህና ነው። ፕሮቲንሽን ብዪ፤ በራሱ ጊዜ ይመለሳል" ብላታለች። ግን የሚረግፈው የራኢሳ ጸጉር አይደለም።

ሠፈራችን ውስጥ ማርሉሲያ የምትባል ጸጉር ሠሪ አለች። ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሴቶች ሁሉ እሷ ጋ ይሄዳሉ፤ ሁሉም የሚረግፍ ጸጉር አለባቸው፤ ለሁሉም የምትሸጠው ሐምራዊ እንክብል አላት። ኤድቫኒያም ገዛች። ጠዋት ከቡናዋ ጋር እየዋጠች "ይሄ ለውበቴ ነው" ትላለች። እኔም አየሁ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየ፤ ማንም ምንም አላሰበም። ጸጉሯም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ራኢሳ እንዳለችው በራሱ ጊዜ ነው የተመለሰው፤ ምስጋናውን ግን እንክብሉ ወሰደው።

የስድስት ወሩ ውጤት ሲመጣ ቢ-12ዋ ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። ኤድቫኒያ ወረቀቱን አውቶቡስ ውስጥ እያውለበለበች ገባች።

"ተትረፍርፎልኛል ኔይዴ! ይኸው፣ ከጣሪያው በላይ ነው!"

"እሰይ! ታዲያ ራኢሳ ምን አለች?"

"መርፌውን ቀጥዪ አለች። መርፌ የሚወጉ ሰዎች እንደዚህ ከፍ ይልባቸዋል፣ አይጎዳም አለች። እሷ ሁልጊዜ ቀጥዪ ነው የምትለው።"

እኔ የቀጠለች መስሎኝ ነበር። በየወሩ የዕረፍት ቀኗ ላይ "ጤና ጣቢያ ልሂድ" ብላኝ ትሄዳለች፤ መሄዷን እንጂ የት እንደምትሄድ እኔ በምን ዓይኔ ልይ? በዓመቷም ደም ሰጠች፤ ቁጥሩ አሁንም ከጣሪያው በላይ። ራኢሳ "መርፌውን እየወሰድሽ ነው?" ስትላት "በየወሩ" አለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ። ራኢሳ ግን ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። "የደም ሕዋሶችሽ ትንሽ ተለቅ ብለዋል። አንድ ነገር አልጣመኝም። ሌላ ዓመት አልጠብቅሽም፤ በሦስት ወር ተመለሽ" አለቻት። ሦስት ወሩ አለፈ፣ ስድስት ወሩም አለፈ፤ ኤድቫኒያ አልሄደችም። "ቁጥሬ ጥሩ ነው፤ ሴትየዋ ሥራ ስለምትወድ ነው" አለችኝ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ አላባራ አለ። የሳን ጆዋዎ በዓል ደርሶ ከተማው ሁሉ በቆሎ እየጠበሰ፣ አኮርዲዮን እየሰማ እኛ በጎርፍ ውስጥ እንመላለሳለን። ያኔ ነው የኤድቫኒያ የፍሬን አረጋገጥ መለወጡን ያየሁት። አውቶቡሱ ሲቆም ሰው መንገዳገድ ጀመረ። አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር በግንባሯ ብረቱን ልትመታ ለጥቂት ተረፈች። ተሳፋሪው ጮኸ፤ ኤድቫኒያ "አስፋልቱ ረጥቦ ነው!" ብላ መልሳ ጮኸች። እኔ ዘጠኝ ዓመት በረጠበ አስፋልት ላይ አይቻታለሁ። 

ማታ ጋራዥ ስንገባ ያዝኳት። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ሆነሻል?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ኤድቫኒያ!"

ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። "እግሬ ጥጥ የረገጠ ይመስለኛል" አለች። "መጀመሪያ የእጄንና የእግሬን ጣቶች ነዘረኝ፤ አሁን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የለሁም። ሻወር ቤት ፊቴን ሳሙና ተቀብቼ ዓይኔን ስጨፍን ወደቅሁ፤ ሁለት ጊዜ። ምላሴም ይለበልበኛል። የድርጅቱ ሐኪም የስኳር ነርቭ ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ።"

"ስኳሩ ከለቀቀሽ ዓመት አልፎት የለም እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሐኪሙ እሱ።"

"በዚህ እግር ነው ሰው የምትጭኚው?" ብዬ ጮህኩባት።  እሷም መልሳ አልጮኸችም፤ ባዶ እግሯን ታየዋለች፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

በማግሥቱ የሥምሪት ኃላፊው ጋ ሄጄ "ኤድቫኒያ ትኩሳት ይዟታል" ብዬ ዋሸሁና ጎትቼ ራኢሳ ጋ ወሰድኳት። ራኢሳ ቀጠሮ አልጠየቀችም። የእግር ጣቷን ይዛ "ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን ወደ ላይ ነው ያጠፍኩት ወይስ ወደ ታች?" አለቻት። ኤድቫኒያ "ወደ ላይ" አለች፤ ወደ ታች ነበር። "አሁንስ?" "ወደ... ላይ?" እንደገና ወደ ታች ነበር። እየገመተች እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ራኢሳ ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ የነርቭ ሐኪሙን አስጠራች፤ እሱም የሚነዝር ብረት ቁርጭምጭሚቷ ላይ አኑሮ "ይንቀጠቀጣል?" ሲላት "ብረት አስቀመጥክብኝ እንዴ?" አለች። ደም ተቀዳ፤ በአስቸኳይ ነው ተብሎ እዚያው ጠበቅን።

ውጤቱ ሲመጣ ራኢሳ ወረቀቱ ላይ ተደፋች። "ደም ማነስ አለ። ሕዋሶቹ በጣም ተልቀዋል። ይሄ ሁሉ ቢ-12 የለኝም ብሎ የሚጮህ ደም ነው። ቢ-12ው ግን ከጣሪያ በላይ ነው ይለኛል።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "አንዱ ይዋሻል።"

ከዚያ ወደ ኤድቫኒያ ዞረች። "ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? አንድ በአንድ።"

"ያዘዝሽልኝን ነዋ። መልቲቫይታሚኑን፣ ካልሲየሙን፣ ብረቱን።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ቦርሳሽን አውጪው።"

ኤድቫኒያ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ለእኔ እግዜር ትዕግሥት የሚባል ነገር አልሰጠኝም፤ ነጠቅኩና ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ማበጠሪያ፣ ከንፈር ቀለም፣ የቤት ቁልፍ፣ ግማሽ ብስኩት፣ ከዚያ ያ ሐምራዊ ዕቃ ተንከባሎ ራኢሳ እጅ ሥር ቆመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"እሱማ የጸጉር ነው" አለች ኤድቫኒያ።

"ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?"

"መድኃኒት አይደለማ! የውበት ነው። ከንፈር ቀለሜንስ ንገሪኝ ትያለሽ?"

ራኢሳ የኋላውን ጽሑፍ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። "ባዮቲን" አለች። "አሥር ሚሊግራም። ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ከሦስት መቶ እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ዋጥሽ?"

"በየጠዋቱ ነው የምውጠው። ደም ልሰጥ ስመጣም።"

ያን ጊዜ ራኢሳ አስረዳችን፤ እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። የእነሱ ላቦራቶሪ ማሽን ቢ-12ን ሲለካ ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ነው የሚጠቀምበት። በሰውየው ደም ውስጥ ባዮቲን ከሞላ ማጣበቂያው በእሱ ይያዛል፤ ማሽኑም ግራ ይገባውና የሌለውን ነገር ሞልቷል ይላል። ባዮቲኑ ራሱ አይመርዝም። ዓይን ነው የሚሸፍነው። "ቫይታሚን ዲሽንም እንዲሁ ነው ያነበብኩት ማለት ነው" አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። "ቆይ" አልኩ። "ማሽኑ ይሳሳት፤ እሺ። መርፌውስ? በየወሩ መርፌ የተወጋ ሰው በማሽን ስህተት እግሩ አይደነዝዝም።"

 ኤድቫኒያ ከንፈር ቀለሟን አንስታ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

"ኤድቫኒያ" አለች ራኢሳ፣ ቀስ ብላ። "መጨረሻ መርፌ የወሰድሽው መቼ ነው?"

"ቁጥሩ ከጣሪያ በላይ ሲሆን..." አለች። "ሞልቶ ሲፈስ ማን ይጨምራል? ጤና ጣቢያው ወረፋው ግማሽ ቀን ነው፤ መርፌው ሳምንት ያሳምመኛል። ያለኝ አንድ የዕረፍት ቀን ነው። ባሕር ዳር ሄጄ እቀመጥ ነበር፤ ውኃውን እያየሁ። ገና በስድስተኛው ወር ነው ያቆምኩት።"

 ልሰድባት አፌን ከፈትኩና ዕንባ ቀደመኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ጊዜ አግኝታ የማታውቅ ሴት በወር አንድ ግማሽ ቀን ባሕር ዳር መቀመጧን ምን ብዬ ልርገማት?

ራኢሳም አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። ባዮቲን የማያሳስተው ሌላ ምርመራ አለ አለችና ለዚያ ደም አስቀዳች፤ በደሟ ያለው መዳብም እንዲለካ አዘዘች፣ መዳብ ሲጎድልም እግር እንዲህ ይሆናል ብላ። ውጤቱን ግን አልጠበቀችም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው መርፌውን እዚያው አስወጓት። እንክብሉን እዚያው ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ባዮቲኑ ከደሟ ሲጠራ፣ ያው ማሽን ቢ-12ዋን እንደገና ለካው። የቀረው ነገር ከምንም አይቆጠርም ነበር። መዳቧ ደህና ነበር።

"ይመለሳል?" አለች ኤድቫኒያ። "እግሬ?"

"ደምሽ ይመለሳል፤ ፈጥኖ። ነርቩ ቀስ ብሎ ነው። የተወሰነው ይመለሳል።"

"የተወሰነው ማለት?"

"ቶሎ ሲያዝ ብዙው ይመለሳል። ይሄ ወራት ቆይቷል። ልዋሽሽ አልፈልግም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን ልዩነት መርፌ ነበር፤ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ። አሁን እኔ ራሴ ነኝ ወረፋ የምይዝላት። ድርጅቱ ከመሪ አንስቶ ጋራዥ ውስጥ የጠፉ ዕቃዎች መስኮት ላይ አስቀመጣት። ጃንጥላ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሕፃን ጫማ ስትመልስ ትውላለች። በእሷ ቦታ አንድ ጎረምሳ ሹፌር መጣ፤ ሲቆም ሰው እንደ ባቄላ ይረግፋል። አልሰደብኩትም፤ ምን አደረገኝ። ግን ፍሬን በረገጠ ቁጥር ኤድቫኒያ ትናፍቀኛለች።

ደሟ በእርግጥም በሁለት ወር ውስጥ አማረ። የምላሷ ቃጠሎ ሄደ፤ የእጇ ንዝረት ሄደ። የፊቷ ቀለም ሲመለስ እኔም ተስፋ አደረግሁ። እግሯ ግን ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ተረከዟ ይሰማታል፤ ጣቶቿና ውስጥ እግሯ አይሰማትም። በጨለማ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። ራኢሳ በየቀጠሮው ዓይኗን አስጨፍና ጣቷን ታጥፋለች፤ ኤድቫኒያ አንዳንዴ ታገኛለች፣ አንዳንዴ አታገኝም። ያ ሁሉ ሲሆን ስለ መንዳት አንድም ቀን ማውራት አላቆመችም።

የገና በዓል ሊገባ ሲል ድርጅቱ ፈተና እንድትወስድ ፈቀደላት። ፈታኙ አቶ ጄኒቫልዶ ናቸው፤ ሃያ ዓመት የሚያውቋት፣ የሚወዷት ሽማግሌ። ባዶ አውቶቡስ ጋራዡ ግቢ ውስጥ አቆሙላት። እኔ እንደ ድሮዬ ወንበሬ ላይ ወጣሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። ኤድቫኒያ ከንፈሯን ተቀብታ፣ ጸጉሯን አሥራ መጥታለች። 

አንድ ዙር ዞረች። አማረባት። ሁለተኛውን ዞረች። "ዓይንሽን ከመንገዱ አታንሺ" አሉ አቶ ጄኒቫልዶ፤ ሁለት ጊዜ ቁልቁል ወደ እግሯ ስታይ አይተዋታል። "እሺ አባባ" አለች። ከዚያ በኋላ አላየችም። በመጨረሻ ብርቱካናማ ምልክት አቆሙና "እዚህ ጋ አቁሚልኝ" አሏት። ቀጥ ብላ፣ ፊት ፊቷን እያየች መጣች፤ አውቶቡሱም ምልክቱ ጋ፣ አንድ ጣት ሳያልፍ፣ ቆመ። እኔ ወንበሬ ላይ ምንም አልተወዛወዝኩም። የድሮዋ ኤድቫኒያ! እልል ብዬ ዘለልኩ።

"አልፈሻል ልጄ" አሉ አቶ ጄኒቫልዶ።  "ሰኞ መንገድሽ ላይ ነሽ።"

ኤድቫኒያ አልዞረችም። አልሳቀችምም። መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ፊት ለፊቷን እያየች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ኔይዴ" አለችኝ። "ጎንበስ በይና እይልኝ። እግሬ የት ነው ያለው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፍሬኑ ላይ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ረግጣዋለች።

"ፍሬኑ ላይ ነው" አልኳት። "በደንብ ረግጠሽዋል።"

"እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም" አለች። "መኪናው ሲቆም ነው ያወቅሁት።"

ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ፣ አንድ እጇ የበሩን ብረት እንደያዘ፣ ቁልፉን ለአቶ ጄኒቫልዶ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው አልተቀበሏትም፤ "አልፈሻል እያልኩሽ?" አሏት ግራ ገብቷቸው።

"ዛሬ ባዶ ነው አባባ" አለች ኤድቫኒያ። "ሰኞ ሰው አለበት።"

ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ አስገባችና የጠፉ ዕቃዎች መስኮቷ ወደሚገኝበት መሄድ ጀመረች፤ እግሯን እያየች፣ አንድ ርምጃ፣ ከዚያ ሌላ። እኔም ከኋላዋ ሄድኩ።